ሁለተኛው ደርዘን፦ የታሸገ ቆሎ ከኪዮስክ እስከ ሱፐርማርኬት

አዲስ አበባ ውስጥ የሰፈር ሱቅ ፊት ለፊቱ ሸቀጥ የተጨናነቀበት ነው። ከላይ ሻምፑ በትናንሽ ከረጢት ተንጠልጥሏል፣ ጎን ለጎን ቺፕስና ብስኩት፣ ከስር ማስቲካና ከረሜላ፣ ወደ ውስጥ ዘይት፣ ሳሙና፣ ሩዝና ፓስታ። በዚህ ሁሉ መሀል አዲስ መክሰስ ይዞ የሚመጣ ፋብሪካ መጀመሪያ የሚጠይቀው አንድ ሚስማር ወይም አንድ ክንድ የማይሞላ ቦታ ነው። ባለሱቁ አዲስ ነገር አይጠላምና ብዙ ጊዜ ይሰጠዋል። የፋብሪካው ሰዎችም «ይህን ያህል ሱቅ ገባን» ብለው ይደሰታሉ።

ችግሩ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። ሱቅ የገባ ዕቃ ገና ቦታ መቀየሩ እንጂ መሸጡ አይደለም። ደንበኛ ገዝቶ፣ በልቶ፣ ተመልሶ ሲመጣ፣ ባለሱቁም ለሁለተኛ ጊዜ ከኪሱ ብር አውጥቶ ሲያዝ ነው ሥራው የተጀመረው። ስለዚህ አንድ አዲስ የታሸገ ምግብ ገበያ ለማስገባት ሲታቀድ ዋጋው፣ ማሸጊያው፣ የሚዞርበት ሰፈርና የሻጩ ደመወዝ ሳይቀር ለዚያ ለሁለተኛው ትዕዛዝ ተብለው መሰናዳት አለባቸው። ይህን በምሳሌ እንየው። አንድ አነስተኛ አምራች የገብስ ቆሎ ከሽምብራ፣ ከሱፍና ከለውዝ ጋር ቀላቅሎ፣ ትንሽ በርበሬ ነስንሶ፣ በ40 ግራም እያሸገ ለመሸጥ ተነሥቷል እንበል። ከዚህ በታች ያሉት የዋጋና የሽያጭ ቁጥሮች ስሌቱን ለማሳየት የተቀመጡ ናቸው።

ዋጋው ከኋላ ወደፊት ይሰላል

ብዙ ጀማሪ አምራች ወጪውን ደምሮ፣ ትርፍ ጨምሮ ዋጋ ያወጣል። ለመክሰስ ይህ መንገድ አይሠራም፤ ምክንያቱም የመጨረሻውን ዋጋ የሚወስነው በደንበኛው እጅ ያለው ገንዘብ ነው። በእጃችን የሚዘዋወሩት የብር ኖቶች 5፣ 10፣ 50፣ 100 እና 200 ናቸው። ቆሎው 18 ብር ቢባል ደንበኛው ሁለት አሥር ብር ይሰጣል፣ ባለሱቁም 2 ብር መልስ ይፈልጋል። መልስ ሲያጣ ወይ ከረሜላ ይሰጣል፣ ወይ ደግሞ በሁለተኛው ሳምንት ዋጋውን ራሱ 20 ያደርገዋል። ያኔ አምራቹ ለደንበኛው የተወለት 2 ብር ባለሱቁ ኪስ ገብቶ ይቀራል። በስልክ መክፈል ቢለመድም ሕፃንና ተማሪ የሚገዛው አብዛኛውን ጊዜ በጥሬ ብር ነው። ስለዚህ የእኛ አምራች ከ20 ብር ይነሣል።

ከ20 ብር ላይ መጀመሪያ የሚነሣው የባለሱቁ ድርሻ ነው። ባለሱቁ አንዱን በ16 ብር ከ50 ቢገዛ ደርዘኑ 198 ብር ያወጣል፤ ሸጦ ሲጨርስ 240 ያገኛል፣ 42 ብር ያተርፋል። ከአጠገቡ ከተሰቀለው ቺፕስ የሚያገኘው ትርፍ ከዚህ በላይ ከሆነ የእኛን ቆሎ ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ስለዚህ ዋጋ ከመቁረጥ በፊት አምስት ስድስት ሱቅ ዞሮ ጎረቤቶቹ በስንት እንደሚገቡ መጠየቅ ያስፈልጋል። ቀጥሎ የአከፋፋዩ ድርሻ አለ። ዕቃውን ተሸክሞ የሚዞረው፣ ነዳጅ የሚከፍለው እሱ ነውና ከፋብሪካ በ15 ብር ይረከብ። ፋብሪካው በተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገበ ከሆነ ከዚህ 15 ብር ውስጥ 15 በመቶው ታክስ ተቀንሶ የሚቀረው 13 ብር ገደማ ነው። የሰፈር ሱቆች ብዙዎቹ በዚህ ታክስ ያልተመዘገቡ ስለሆኑ የታክሱ ሸክም በዋጋው ውስጥ እንዳለ ይቀራል።

እንግዲህ ገብሱ፣ ሱፉ፣ ማቁያው፣ ማሸጊያው፣ ካርቶኑ፣ ጉልበቱ፣ ለቅምሻ የሚሰጠው፣ ተበላሽቶ የሚመለሰውና ትርፉ በሙሉ በ13 ብር ውስጥ መግባት አለባቸው። አንድ ኪሎ ቆሎ 25 እሽግ ይወጣዋል። የተዘጋጀው ድብልቅ ኪሎው 170 ብር ከፈጀ በአንዱ እሽግ ውስጥ ያለው ቆሎ ብቻ 6 ብር ከ80 ነው። ማሸጊያው፣ ጉልበቱና ካርቶኑ ሌላ 3 ብር ተኩል ቢወስዱ የሚተርፈው 2 ብር ከ70 ሳንቲም አካባቢ ይሆናል። ለውዝ ሲወደድ ይህ ትርፍ ቶሎ ይሟጠጣል። መውጫው ዋጋውን 21 ማድረግ ሳይሆን መጠኑን ወይም ቅልቅሉን ማስተካከል ነው። ይህም ራሱ ገደብ አለው፤ ክብደቱ ማሸጊያው ላይ ታትሟል፣ ማተሚያ ቤት ደግሞ በትንሽ መጠን አያትምም። ለዚህ ነው የመጀመሪያውን የማሸጊያ ትዕዛዝ ከርካሽነቱ ይልቅ ከጥቂት ወራት እንዳያልፍ ማድረግ የሚያዋጣው። ስድስት ወር የማያልቅ የታተመ ፕላስቲክ መጋዘን ውስጥ ያለው አምራች ስህተቱን ቢያውቅም ማረም አይችልም።

ሚስማር ላይ የሚውል ማሸጊያ

ኪዮስክ ውስጥ መደርደሪያ ብርቅ ነው። ለዚህ ነው ከ12 እሽግ የተሠራ፣ አንዱ ከሌላው ጋር ተያይዞ ከላይ ቀዳዳ ያለው ተንጠልጣይ ረድፍ ከካርቶን የሚሻለው። ባለሱቁ ሚስማር ላይ ይሰቅለዋል፣ አንድ በአንድ እየቀደደ ይሸጣል፣ አልፎ ሂያጁ ያየዋል። በአንገታቸው ሳጥን አንጠልጥለው የሚዞሩት ሱቅ በደረቴዎችም ቢሆኑ ከሁለትና ከሦስት እሽግ በላይ የሚያስቀምጡበት ቦታ ስለሌላቸው ይህ አሠራር ይመቻቸዋል።

ግን ለሽያጭ የተሻለው ቦታ ለምግቡ የከፋው ነው። በሱቁ ፊት የተሰቀለ እሽግ ከረፋድ እስከ ማታ ፀሐይ ይመታዋል። ቆርቆሮ ኪዮስክ ከቀትር በኋላ ይግላል። ሱፍና ለውዝ ዘይታማ ናቸው፤ ብርሃን፣ ሙቀትና አየር ሲያገኛቸው ዘይቱ ይቆመጥጣል፣ አሮጌ የቅባት ሽታም ያመጣል። ገብሱ በበኩሉ እርጥበት ስቦ ይለዝባል። ደንበኛው ሲበላ «ቆሎው አርጅቷል» ይላል እንጂ ፀሐዩን አይወቅስም፤ ተመልሶም አይገዛም። ምግቡን ለማሳየት ተብሎ የሚተው ግልጥ መስኮት ያማረ ቢመስልም ለብርሃን በር ይከፍታል። ውስጡ ብርማ የሆነው ፕላስቲክ ትንሽ ቢወደድም ብርሃንና እርጥበትን በተሻለ ይከላከላል።

የማለቂያ ቀን ከመታተሙ በፊት የሚደረግ ቀላል ፈተና አለ። ሃያ እሽግ ይወሰድና አሥሩ በአንድ ፀሐይ በሚያገኘው ኪዮስክ ፊት ይሰቀላል፣ አሥሩ ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጣል። በየሳምንቱ ከሁለቱም ወገን አንዳንድ ተከፍቶ የትኛው ከየት እንደመጣ ለማያውቁ ሰዎች ይቀመሳል። ቀማሾቹ መለየት የጀመሩበት ሳምንት የምርቱን እውነተኛ ዕድሜ ይጠቁማል። ከሳሙና ካርቶን አጠገብ የዋለውንም መቅመስ አይከፋም፤ ማሸጊያው ስስ ከሆነ የሳሙናው ጠረን ቆሎው ውስጥ ይገባል። ለውዝ ሲኖር ደግሞ በምላስ የማይታወቅ ሌላ ጉዳይ አለ። በደንብ ሳይደርቅ የተከማቸ ለውዝ ላይ የሚበቅል ሻጋታ አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ያመነጫል፤ መቁላት ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ስለዚህ ለውዙ ከመገዛቱ በፊት በላቦራቶሪ መፈተሽ አለበት።

በማሸጊያው ላይ ከሚጻፉት ነገሮች መካከል ስሙ፣ የተሠራበት ግብዓት፣ የተጣራ ክብደቱ፣ የአምራቹ አድራሻ፣ የምርት መለያ ቁጥሩ፣ የተመረተበትና የሚያበቃበት ቀን ይገኛሉ። እዚህ ላይ እኛ አገር ብቻ የሚያጋጥም ወጥመድ አለ። «06/2018» ተብሎ የታተመ ማለቂያ በእኛ አቆጣጠር የካቲት 2018 ማለት ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ላነበበው ግን ከዓመታት በፊት ያለፈበት ምርት ነው። የሱፐርማርኬት ዕቃ ተረካቢ በዚህ ምክንያት ካርቶኑን ቢመልስ አይፈረድበትም። ቀኑ አጠገብ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ብሎ ማተም ይህን ያስቀራል።

ማቁያውም የራሱ ጥያቄ አለው። ተዘጋጅተው ከሚገዙት ማጣፈጫ ዱቄቶች አንዳንዶቹ የወተት ዱቄት አላቸው። ይህ ከገባበት ቆሎው የጾም መሆኑ ይቀራል፤ ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾም ደግሞ 55 ቀን ሙሉ ከጿሚ ደንበኞቹ ይርቃል ማለት ነው። ቆሎን የሚያህል የጾም መክሰስ ይዞ በአንድ ማንኪያ ዱቄት ምክንያት ያን ገበያ ማጣት ኪሳራ ነው። ከወተት ነጻ ከሆነ «የጾም» የሚለውን ፊት ለፊት መጻፍ ይገባል።

አንድ ሰፈር፣ 240 ሱቅ

አዲስ አበባን በሙሉ በአንድ ወር ለመሸፈን መሞከር ገንዘብም ሰውም ይበትናል። ዕቃው እዚህም እዚያም ብቅ ብሎ ይጠፋል፤ አንዴ የቀመሰው ሰው በማግስቱ ሲፈልገው አያገኘውም። ስለዚህ አምራቻችን ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ ያለውን ይመርጣል እንበል። ዩኒቨርሲቲና ትምህርት ቤት አለው፣ እግረኛ ይበዛበታል፣ ሱቁም ተቀራራቢ ነው። ጊዜውን ደግሞ ጥቅምት ያደርገዋል። በክረምት ተማሪ የለም፣ እርጥበቱም ለቆሎ አይበጅም። በመስከረም የወላጅ ገንዘብ በበዓልና በትምህርት ቤት ክፍያ ያልቃል። በጥቅምት ተማሪው ተመልሷል፣ ፀሐዩም ወጥቷል።

አንድ ሻጭ በቀን 40 ሱቅ ቢጎበኝ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ 240 ሱቅ ያዳርሳል። ዋናው ነገር እያንዳንዱን ሱቅ በየሳምንቱ በዚያው ቀን መጎብኘቱ ነው፤ ባለሱቁ «የማክሰኞው ልጅ» ብሎ ሲለምደው ብሩን አዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ከአንድ ደርዘን በላይ አይሰጥም፣ ባለሱቁ ቢጠይቅ እንኳ። ብዙ ዕቃ ያላለቀበት ባለሱቅ ሁለተኛ አያዝም፣ ቆሎውም እዚያው ያረጃል።

ባለሱቁ «ወንድሜ፣ አስቀምጥልኝና ሲሸጥ ና ውሰድ» ማለቱ አይቀርም። በዱቤ መስጠት በአንድ ሳምንት ውስጥ ሱቁን በሙሉ ሊያስገባ ይችላል፤ ነገር ግን ገንዘቡን ያላወጣበትን ዕቃ ባለሱቁ ለመሸጥ አይጨነቅም፣ ከኋላ ይጥለዋል። ከዱቤ ይልቅ መጠኑን ማሳነስ ይሻላል። ስድስት እሽግ በ99 ብር በጥሬ ገንዘብ የገዛ ሰው አስቦበት ገዝቷል።

የመጀመሪያው ሳምንት እንዲህ አለቀ እንበል፦ ከ240ው ሱቅ 168ቱ አንዳንድ ደርዘን ገዙ። 2,016 እሽግ፣ 81 ኪሎ ያህል ቆሎ መሆኑ ነው። ብዙው ድርጅት በዚህ ቁጥር ይረካል። እውነቱ የሚታየው ግን ሻጩ በሁለተኛው ሳምንት ካርዱን ይዞ ሲመለስና የቀረውን ሲቆጥር ነው። 12 ትቶ 3 ካገኘ 9 ተሽጧል፤ ይህን ከመጻፉ በፊት አዲስ አይጨምርም።

ሲቆጠር 61 ሱቆች ጨርሰው ወይም ሊጨርሱ ደርሰው እንደገና ገዙ። 32ቱ ሸጠው ጨርሰዋል ግን ዛሬ ብር የለኝም አሉ። 75ቱ ዘንድ ከግማሽ በላይ አልተነካም። እዚህ ላይ የሚቸኩል ሥራ አስኪያጅ «ጣዕሙ አልተወደደም» ብሎ ወደ ፋብሪካ ይሮጣል። ካርዱ ግን ሌላም አምድ አለው፤ ቆሎው የት ነው ያለው? እንደገና ከገዙት 61 ሱቆች 52ቱ ፊት ለፊት ሰቅለውታል። ካልሸጡት 75 ደግሞ 58ቱ በመስታወት ሳጥን ውስጥ ወይም ከዘይቱ ጀርባ አስቀምጠውታል። በሽታው ቆሎው አለመታየቱ ነው። መድኃኒቱም ርካሽ ነው፦ ሻጩ መንጠቆና ሽቦ ይዞ ይሄዳል፣ ባለሱቁን አስፈቅዶ ራሱ ይሰቅለዋል። ብር ላጡት 32ቱ ደግሞ ግማሽ ደርዘን ያቀርባል።

ካርዱ ሌላ ታሪክ ሊናገር ይችል ነበር። ሁሉም ሰቅለውት ማንም ካልገዛ፣ ከመነሻው ዓይን የሚስብ አይደለም ወይም 20 ብር በዝቶበታል። የመጀመሪያው ደርዘን በአምስት ቀን አልቆ ሁለተኛው ሦስት ሳምንት ከቆየ ግን ነገሩ ይከፋል፤ ሰው ለአዲስነቱ ቀመሰው፣ ከዚያ ተወው ማለት ነው። ያኔ ማስታወቂያ መጨመር ገንዘብ ማባከን ነው፤ መለወጥ ያለበት ቆሎው ራሱ ነው። ደርዘኑ በሦስት ቀን አልቆ ሚስማሩ አራት ቀን ባዶ ከዋለ ደግሞ የጉብኝቱን ቀን ማቀራረብ ወይም ለዚያ ሱቅ ሁለት ደርዘን መስጠት ይበጃል። እነዚህ ሦስቱ ከሩቅ ሲታዩ ሁሉም «ሽያጩ አነሰ» ይባላሉ፣ መድኃኒታቸው ግን ለየቅል ነው።

ሻጩ የሚከፈለው አበልም ከዚህ ጋር መታሰር አለበት። በመጀመሪያው ሳምንት ባወጣው ዕቃ ብዛት ጉርሻ ከተሰጠው ሱቁን ሁሉ ይሞላል፣ በዱቤም በልመናም። ለሁለተኛና ለሦስተኛ ትዕዛዝ ከተከፈለው ግን መንጠቆውን የሚሰቅለው፣ ያረጀውን የሚያነሣው፣ ማን እንደሚገዛ የሚጠይቀው እሱ ራሱ ይሆናል።

ሱፐርማርኬት ሌላ ሂሳብ ነው

ሱፐርማርኬት የሚገባ ሰው አስቤዛውን የሚገዛ ነው። ለቤት፣ ለእንግዳ፣ ውጭ አገር ላለ ዘመድም የሚላክ ነገር ይፈልጋል፤ ቆሎ ከበሶና ከበርበሬ ጋር ወደ ውጭ በሚሄድ ሻንጣ ውስጥ የማይጠፋ ነው። ስለዚህ ለዚህ ገበያ 200 ግራም፣ አፉ ተመልሶ የሚዘጋ እሽግ ይዘጋጃል። መጠኑ መለየቱ ሌላም ጥቅም አለው። ሱፐርማርኬቱ አንድ ቀን ዋጋ ቢቀንስ የሰፈሩ ባለሱቅ «እዚያ ማዶ በርካሽ እየሸጣችሁ» ብሎ አይኮራረፍም፤ ሁለቱ ዕቃ ጎን ለጎን አይነጻጸሩምና።

እዚህ የሚጠየቀው ወረቀት ይበዛል፦ የንግድ ፈቃድ፣ የምግብ ብቃት ማረጋገጫ፣ ባርኮድ፣ የታክስ ደረሰኝ። ወረቀቱ ሲሟላ ደግሞ ክፍያው ይቆያል። አምራቻችን 15 ቅርንጫፍ ገብቶ፣ ለእያንዳንዱ 48 እሽግ በ78 ብር ቢያስረክብ የመጀመሪያው ዙር 56,160 ብር ነው። ስምምነቱ ክፍያ ከ45 ቀን በኋላ ከሆነና በየ15 ቀኑ የሚሞላ ከሆነ የመጀመሪያው ቼክ እስኪመጣ ድረስ ሦስት ዙር ያስረክባል። 168,480 ብር መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል ማለት ነው፤ ገብስና ለውዝ ሻጩ ግን 45 ቀን አይጠብቅም። ዕቃው እየተሸጠ በጥሬ ገንዘብ እጥረት የሚቆም አምራች የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው።

ስለዚህ የኪዮስኩ ጥሬ ብር ሲረጋጋ ሦስት ወይም አራት ቅርንጫፍ ይበቃል። ከመፈረም በፊት ያልተሸጠውን ማን እንደሚያነሣ፣ ያለፈበትን ኪሳራ ማን እንደሚችል፣ መደርደሪያውን ማን እንደሚያስተካክል በጽሑፍ መስማማት ያስፈልጋል። ትንሹ እሽግ እዚያም ቦታ ሊያገኝ ይችላል፤ ገንዘብ ተቀባይዋ አጠገብ፣ ሰው ተሰልፎ በሚጠብቅበት።

መርካቶ መቼ?

ቆሎው መሸጥ ሲጀምር የመርካቶ ጅምላ ሻጭ ስልክ ይደውላል፤ ሃምሳ ካርቶን በአንዴ፣ በጥሬ ገንዘብ። ይህን እምቢ ማለት ከባድ ነው። ነገር ግን ጅምላ ሻጩ በ15 ብር ወስዶ በ15 ከ80 ቢያወጣው፣ መርካቶ ወርዶ የሚሸምተው የአራት ኪሎ ባለሱቅ በሚቀጥለው ማክሰኞ ሻጩን «አንተ ዘንድ ተወደደ» ይለዋል። ሻጩ ሲቀር መንጠቆውን የሚሰቅል፣ ያረጀውን የሚያነሣ፣ ካርዱን የሚሞላ ሰው ይቀራል፤ አምራቹም ቆሎው የት እንዳለ ማወቅ ያቆማል። ጅምላ ሻጩ ጠላት አይደለም፣ ቀድሞ መምጣቱ ነው ችግሩ። ሻጭ ልኮ መሸፈን ለማይቻልባቸው ሰፈሮችና ከተሞች፣ ዋጋው ከአከፋፋዩ ጋር ተመጣጥኖ ሲሰጠው ሥራውን ያግዛል።

ከአዲስ አበባ መውጣት ደግሞ ያልታሰበ ነገር ያሳያል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ድሬዳዋ ወደ 1,200 ሜትር። እዚህ ቀጭን አየር ውስጥ ተነፍቶ የታሸገ እሽግ ወደ ታች ሲወርድ በውስጡ ያለው አየር ከአንድ አሥረኛ በላይ ይጨመቃል። እሽጉ ይሟሽሻል፣ ገዥም «ግማሹን ሰረቁት» ይላል። ወደ ቆላ የሚሄደውን ትንሽ አየር ጨምሮ ማሸግና ከመጫኑ በፊት ጥቂት እሽግ በአውቶቡስ ልኮ ማየት ይበቃል።

ወደዚያ መንገድ የሚያስወጣው ምልክት ምን ይሁን? አምራቻችን ከመጀመሩ በፊት በወረቀት ቢጽፈው ይሻላል፤ በኋላ ተስፋ ቁጥሩን ያጣምመዋልና። ለምሳሌ፦ በስምንተኛው ሳምንት መጀመሪያ ከገዙት ሱቆች ከግማሽ በላይ ሦስተኛ ደርዘናቸውን በጥሬ ገንዘብ ገዝተው ከሆነ ቀጣዩ ሰፈር ይከፈታል። ከሩብ በታች ከሆነ አዲስ ማሸጊያ አይታተምም፤ ቆሎው ወደ ምጣዱ ተመልሶ ቅልቅሉ ይስተካከላል። በመሀል ከሆነ እዚያው ሰፈር አራት ሳምንት ይጨመራል፣ የሚለወጠውም አንድ ነገር ብቻ ይሆናል፦ ወይ ቦታው፣ ወይ መጠኑ፣ ወይ ጣዕሙ። ሦስቱን በአንዴ የለወጠ ሰው ሽያጩ ቢያድግ እንኳ የትኛው እንዳሳደገው አያውቅም።